የሐሙስ ጥቅል

መልእክቱ የሚመጣው ሁልጊዜ ሐሙስ ጠዋት ነው። «ውድ ደንበኛችን፣ ሳምንታዊ የዳታ ጥቅልዎ ታድሷል። ስለተጠቀሙ እናመሰግናለን።» ማዕዶት ቀሪ ሒሳቧን ስታይ የሞላችው ካርድ ተበልቷል። ዳታውን ስታይ ደግሞ ዳታ የሚባል ነገር የለም። አዝዛው የማታውቀውን ጥቅል በየሳምንቱ ትከፍልበታለች፣ ጥቅሉ ግን እሷ ዘንድ ደርሶ አያውቅም።

ነገሩ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ተሳድባ ታልፈው ነበር፤ በስድብ ማንም አይቀድማትም። እንቅልፍ የነሳት ከመልእክቱ በኋላ የሚመጣው ስልክ ነው። ብዙም ሳይቆይ የማታውቀው ቁጥር ይደውላል። ታነሳለች።

«ሄሎ?»

ዝም።

«ሄሎ! ማን ልበል?»

ትንፋሽ ይሰማል። ከትንፋሹ ጀርባ አንዳንዴ ዶሮ ይጮኻል፣ አንዳንዴ የታክሲ ረዳት ይጣራል። ደዋዩ ግን አንድ ቃል አይተነፍስም። እሷ እስክትዘጋው ድረስ ያዳምጣታል። መልሳ ደውላ አታውቅም፤ ማን እንደሆነ የምታውቅ ስለመሰላት።

ነአምን ነው። ሌላ ማን ይሆናል?

ነአምን መገናኛ ላይ ስልክ ይጠግናል። ጓደኛዋ በነበረ ጊዜ በየሐሙሱ ፓኬጅ ይሞላላት ነበር። «ደግ ወንድ አገኘሽ» ይሏት ነበር የመሥሪያ ቤት ሴቶች። ማታ ግን ስልኳን ተቀብሎ «ይሄ ሁሉ ሜጋባይት ከማን ጋር ነው ያለቀው?» ብሎ ይመረምራል። ቴሌግራሟን እሷ ሳታውቅ ላፕቶፑ ላይ ከፍቶ ያነብ እንደነበረ የደረሰችበት ዘግይታ ነው። ጠየቀችው፤ አንገቷን ይዞ ከበሩ ጋር አጣበቃት። በማግስቱ ወሰን ሰፈር የነበረውን ቤት ለቀቀች፣ ሲሙን ሰብራ ጣለች፣ በራሷ ፋይዳ መታወቂያ አዲስ ቁጥር አወጣች፣ አያት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ስቱዲዮ ተከራየች። አዲሱን ቁጥር የሚያውቁት ደብረ ብርሃን ያለች እናቷ፣ የመሥሪያ ቤት አለቃዋና ጓደኛዋ ቢፍቱ ብቻ ናቸው።

እና ይኸው፣ ሐሙስ። ፓኬጅ። ትንፋሽ።

ቁጥሬን አግኝቶታል ማለት ነው። ሲሜ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ቁጥሬን ካገኘ ቤቴን ለማግኘት ምን ቀረው? ማዕዶት በሩ ላይ ሁለተኛ ቁልፍ አስገጠመች። ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ በሰማች ቁጥር ውሃ ትዘጋና ታዳምጣለች።

ጥቅሉን ለማስቆም ያልሞከረችው የለም። ከስልኩ ሜኑ ገብታ «ጥቅል አቋርጥ» ስትል «ምንም የሚታደስ ጥቅል የለዎትም» ይላታል። ጥሪ ማዕከል ደወለች፤ ሙዚቃ አስደምጠው ሲያበቁ አንዷ ልጅ «ትእዛዙ የተሰጠው ከራስዎ ቁጥር ነው» ብላ ዘጋችባት። አያት ያለው የስልክ ኩባንያው ቅርንጫፍ ሄደች፤ «እንዲህ ያለው አቤቱታ የሚታየው መገናኛ ነው» ብለው መለሷት።

መገናኛ። ከነአምን ሱቅ መንገድ ማዶ።

«አልሄድም» አለቻት ለቢፍቱ።

«ታዲያ ሲሙን ቀይሪው» አለች ቢፍቱ።

«ከቀየርኩት በኋላ እንዴት እንዳገኘኝ በምን አውቃለሁ? አዲሱንም ያገኘዋል። እዚያ ሰዎቹ ኮምፒውተር ላይ አለ እኮ፣ ማን እንዳዘዘው።»

«ታዲያ ሂጂያ!»

«አንቺማ በአፍሽ ትሄጃለሽ።»

ሄደች። አንገቷ ላይ ሻርፕ ጠምጥማ፣ ማስክ አድርጋ፣ ባቡሩ ውስጥ ከሰው ጀርባ ተከልላ። የሄደችውም ሐሙስ ዕለት ነበር፤ ነገሩ ሲከሰት ዐይናቸው እንዲያየው።

ቅርንጫፉ ሞልቷል። የወረፋ ቁጥር ይዛ ከመስኮቱ ራቅ ብላ ተቀመጠች። አጠገቧ የተቀመጡ አዛውንት የቁልፍ ስልካቸውን እያገላበጡ «ልጄ፣ እኔን ደግሞ በየቀኑ የፍቅር ምክር እየላኩ ይቆርጡብኛል» አሏት። «በሰባ ዓመቴ ማንን እንዳፈቅርላቸው ነው?» ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር። አሁን በሩ በተከፈተ ቁጥር ነው የምትባንነው።

ተራዋ ሲደርስ ሰርፀ የሚል ባጅ ያንጠለጠለ ወጣት ተቀበላት። መታወቂያዋን አየ፣ ቁጥሯን አስገባ።

«ምን ልታዘዝ?»

«ያላዘዝኩት ጥቅል በየሳምንቱ ይቆረጥብኛል። ዳታው አይደርሰኝም። ሜኑው የለዎትም ይለኛል። ማን እንዳዘዘው ማወቅ እፈልጋለሁ፣ እንዲቆምም፣ የተወሰደብኝም ሁሉ እንዲመለስ።»

«በስህተት ነክተውት ይሆናል፤ ብዙ ሰው...»

«አልነካሁም።»

ሰርፀ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ተመለሰ። መተየቡ ዘገምተኛ ነው፤ ማዕዶት ጠረጴዛውን በጥፍሯ ትመታለች።

«አሃ» አለ በመጨረሻ። «እዚህ አለ። ለራስዎ የታዘዘ አይደለም፤ ለዚህ ነው ሜኑው ላይ የማይታይዎት። ለሌላ ቁጥር የሚላክ ስጦታ ነው። በየሳምንቱ እንዲታደስ ተብሎ የታዘዘ። ካርድ ሲኖርዎት ይቆርጥና ለተቀባዩ ይልካል።»

«ለየትኛው ቁጥር?»

«ሙሉውን መስጠት አልችልም። መጨረሻው...» አለና የመጨረሻዎቹን አኃዞች አነበበላት።

ማዕዶት ስልኳን አወጣች። የጥሪ ታሪኩን ወደ ታች ገፋች። ባለፈው ሐሙስ፤ ከዚያ በፊት ባለው ሐሙስ፤ ከዚያም በፊት። መጨረሻው ያው ነው። የሚተነፍሰው ቁጥር።

ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ያዘች። ገንዘቤን እየወሰደ፣ በራሴ ገንዘብ በሞላው ስልክ እየደወለ ያዳምጠኛል። እሱ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያስበው እሱ ብቻ ነው።

«እህቴ፣ ደህና ነዎት? ውሃ ላምጣ?»

በዚሁ ቅጽበት መልእክቱ ገባ። ውድ ደንበኛችን። ሰርፀም ስክሪኑ ላይ አየው፤ «ይኸው፣ አሁን ታደሰ» አለ እንደ ሕፃን ተደንቆ። ማዕዶት ግን ቀጥሎ የሚመጣውን እየጠበቀች ነው። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ እንደ እባብ ታየዋለች።

ጠራ።

«ይሄ አይደል እንዴ ቁጥሩ?» አለ ሰርፀ አንገቱን አስግጎ። «ያንሱታ።»

«አላነሳም።»

«እኔ አለሁ። ድምፁን ይክፈቱትና ያንሱት።»

አነሳችው። ያው ትንፋሽ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ። ከትንፋሹ ጀርባ ዶሮ ጮኸ። ማዕዶት ስልኩ ላይ ጎንበስ አለች።

«ነአምን! አንተ መሆንህን አውቃለሁ! ምን ልታደርገኝ ነው የምትፈልገው? ተናገራ!»

ወረፋው ሁሉ ዞረ። ስልኩ ውስጥ ትንፋሹ ተቋረጠ። ከዚያ ቀጭን፣ የሚንቀጠቀጥ የሴት ድምፅ መጣ።

«ነአምን ማነው? ሊሊሳ የት ነው? ወንድሜን ምን አደረጋችሁት?»

ተዘጋ።

ማዕዶትና ሰርፀ ተያዩ። አዛውንቱ ከወንበራቸው «የባሰ አለ፣ የኔ የፍቅር ምክር ይሻላል» አሉ።

ሰርፀ ግን አልሳቀም። ወደ ስክሪኑ ተመልሶ ነበር። አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች ሄደ። ከዚያ ስክሪኑን ትንሽ ወደሷ አዞረው፣ ወዲያው ደግሞ እንዳልተፈቀደለት ትዝ ብሎት መለሰው።

«ይህን ቁጥር መቼ ነበር ያወጡት?»

«ዘንድሮ። ከመስቀል በኋላ።»

«ትእዛዙ የተሰጠው ካቻምና ነው።»

«ምን ማለት ነው?»

«ቁጥሩ ከእርስዎ በፊት የሌላ ሰው ነበር ማለት ነው። አንድ ቁጥር ካርድ ሳይሞላበት ብዙ ከቆየ ይዘጋል፤ ከዚያ ለአዲስ ደንበኛ ይሰጣል። ሲዘጋ የድሮው ባለቤት ትእዛዞች ሁሉ መሰረዝ ነበረባቸው። ይሄኛው ሳይሰረዝ ቀርቷል። የመጀመሪያ ካርድዎን ሲሞሉ ነቃ።»

ማዕዶት ትንፋሿን ለቀቀች። ነአምን አይደለም። አላገኘኝም። ለመጀመሪያ ጊዜ ማስኩን ከፊቷ አወረደች። ደስታው ግን ሙሉ አልሆነም፤ ወንድሜን ምን አደረጋችሁት የሚለው ድምፅ ጆሮዋ ላይ ቀርቷል።

«ሊሊሳ ነው የድሮው ባለቤት ስም?»

«የሰው ስም መናገር አልችልም» አለ ሰርፀ። ፊቱ ግን ተናግሮ ነበር።

«እሺ። በሉ ሰርዙት፣ ብሬንም መልሱ።»

«የዛሬውን ልመልስልዎት እችላለሁ። የቀደሙትን ግን ተቀባዩ ስለተጠቀመበት...»

«ተቀባዩን እኔ አላውቀውም!»

«ሙሉው እንዲመለስ የክፍሉ ኃላፊ መፍቀድ አለባቸው። ወይዘሮ አስያ ደግሞ ዛሬ ስብሰባ ናቸው። ነገ ጠዋት ይምጡ። እስከዚያ ትእዛዙን ባልነካው ይሻላል፤ አሁን ከሰረዝኩት ከዝርዝሩ ይወጣል፣ እሳቸው በዐይናቸው ቢያዩት ነው የሚሻልዎት።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ተቀባይዋ አብራ ብትመጣ ደግሞ ነገሩ ያልቃል።»

ስትወጣ ከመንገዱ ማዶ ነአምን ታየ። የሱቁ መብራት ሥር ስልክ ፈልቅቆ ተደፍቷል። ቀና እንኳ አላለም። ማዕዶት ግን ሮጠች፤ እግሯ ገና አልሰማም ነበር።

ራቅ ካለች በኋላ ለዚያ ቁጥር ደወለች፣ ከዚያም የፈረንሳይ ሰፈር ታክሲ ተሳፈረች። እዚያ የሄደችው ልጅቷ «ፈረንሳይ ታክሲ ተራው ጋ፣ ሰው ያለበት ቦታ፤ ብቻሽን ነይ» ስላለቻት ነው። ማዕዶትም «አንቺም ብቻሽን» አለቻት።

ልጅቷ ጫማ ሱቅ ግድግዳ ላይ ጀርባዋን ለጥፋ ቆማለች። የማዕዶት እኩያ ናት፤ ቀጭን፣ የነርስ ተማሪዎች የሚለብሱት ነጭ ጋውን ክንዷ ላይ የታጠፈ። አንድ እጇ ኪሷ ውስጥ ነው። ማዕዶትም እንደዚሁ።

«ማዕዶት ነኝ።»

«ሰኚ።» ዐይኗ ከማዕዶት ትከሻ በላይ መንገዱን ይፈትሻል። «ማን ልኮሽ ነው? በዳዳ ነው?»

«በዳዳ የሚባል አላውቅም። ኪስሽ ውስጥ ምንድን ነው?»

ሰኚ እጇን አወጣች። የቤት ቁልፍ፣ ጫፉ በጣቶቿ መካከል ወጥቶ። ማዕዶትም የራሷን አወጣች። ያው ቁልፍ፣ ያው አያያዝ። ሊያስቅ የሚችል ነገር ነበር፤ ሁለቱም አልሳቁም፣ ግን ቁልፎቹ ወደ ኪስ ተመለሱ።

ወደ ላይ ጥቂት ተራመዱ። ከቤቶቹ በላይ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ጥቁር ሆኖ ይታያል። የሰኚ ቤት እዚያ ጫፉ ላይ ነው፤ ዶሮውም የነሱ ነው። ወንድሟ ሊሊሳ፣ ሰኚ እንደነገረቻት፣ በዳዳ በሚባል ሰው አይሱዙ የጭነት መኪና ላይ ሹፌር ነበር። ካቻምና ሐምሌ ሲሚንቶ ጭኖ ወጣ፣ ሳይመለስ ቀረ። እሱም መኪናውም። ፖሊስ ፈለገ፤ አልተገኘም። ባለ መኪናው ደግሞ «ልጃችሁ መኪናዬን ሸጦ ተደብቋል» ብሎ ቤታቸው እየመጣ እናታቸውን ያስፈራራል።

«ፓኬጁን እሱ ነበር የሚሞላልኝ» አለች ሰኚ። «ኮሌጅ ስገባ። ‹ትምህርቱን በቪዲዮ እይ፣ ቲክቶክ ካየሽ ግን ወዮልሽ› ይለኝ ነበር። ሐሙስ ደሞዝ ስለሚቀበል ሐሙስ። እሱ ሲጠፋ ያም ቆመ። ስልኩን ስደውል ዝግ ነው ይለኛል። አንድ ዓመት ከዚያ በላይ። ከዚያ ዘንድሮ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣» ስልኳን አውጥታ አሳየቻት። ከሊሊሳ ቁጥር የዳታ ስጦታ ደርሶዎታል ይላል። «እጄ ላይ የያዝኩት ሳህን ወደቀ። ሕያው ነው አልኩ። ደወልኩ። ሴት አነሳች።»

«እኔ።»

«አንቺ። ማን እንደሆንሽ ምን አውቃለሁ? ስልኩን የቀሙት ሰዎች ናቸው አልኩ። ወይ አግተውት ነው አልኩ። ስሙን ብጠራ የሚጎዱት መሰለኝ። ለፖሊስ ብናገር ‹ይኸው ሕያው ነው፣ ስልኩ ይሠራል፣ መኪናውን ሰርቆ ነው› ይላሉ። በዳዳ ቢሰማ ደግሞ...» ወደ መንገዱ ዞራ አየች። «ለእናቴም አልነገርኩ። በየሐሙሱ ግን እደውላለሁ። ከጀርባሽ ድምፁን እሰማ ይሆናል ብዬ ዝም እላለሁ።»

ማዕዶት ሰው ማጽናናት አታውቅበትም። ያላትን እውነት እንዳለ ሰጠቻት፤ ቁጥሩ እንደተዘጋ፣ ለእሷ እንደተሰጠ፣ የድሮው ትእዛዝ ሳይሰረዝ እንደቀረ፣ እሷ ካርድ በሞላች ቁጥር ማሽኑ ራሱ እየቆረጠ እንደሚልክ። ሰኚ እስከ መጨረሻው ሰማቻት። ፊቷ ላይ የነበረው ተስፋ ቀስ እያለ ሲወርድ ማዕዶት ዐይኗን ወደ ዛፎቹ አዞረች።

«ብሩን የሚቆርጠው ከማን ላይ ነው?» አለች ሰኚ።

«ከእኔ።»

«እኔ ከእሱ መስሎኝ።»

አንድ ሚኒባስ አጠገባቸው ቆሞ ረዳቱ «መገናኛ! መገናኛ!» አለ። አልተነቃነቁም፤ ሄደ።

«ባታስቆሚውስ?» አለች ሰኚ ቀስ ብላ። «ብርሽን እኔ እሰጥሻለሁ። የሚቆረጥብሽን ሁሉ።»

«ለምን?»

«እንጃ። ሐሙስ ሐሙስ እንዲመጣ።»

ማዕዶት ትዕግሥቷ አለቀ፤ ሰኚ ላይ ሳይሆን ነገሩ ላይ።

«ስሚኝ ሰኚ። ይሄ ካልቆመ ወንድምሽ ሌባ ሆኖ ይቀራል። ዛሬ ባይሆን ነገ አንዱ ይህን ስልክ ያየዋል። ‹ይኸው ከተደበቀበት ሆኖ ለእህቱ ዳታ ይልካል› ይላል። ምን ትመልሺለታለሽ? አሁን ግን ኩባንያው ራሱ ስህተቱ የኔ ነው ብሎ ብሬን ሙሉ ከመለሰ፣ ዳታውን የላከው ሊሊሳ እንዳልሆነ ራሱ መሰከረ ማለት ነው።»

«ከዚያ በኋላስ?»

«ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አላውቅም።»

ሰኚ ጋውኗን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። «እሱን ነው የምፈራው» አለች።

ዓርብ ጠዋት ሁለቱም ወይዘሮ አስያ ፊት ተቀመጡ። ሰርፀ አጠገባቸው ቆሟል። ወይዘሮዋ መነጽራቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ሰክተው ሌላ መነጽር ይፈልጋሉ፤ ሰርፀ በጣቱ አሳያቸው።

«እህ፣ አየሁት» አሉ ስክሪኑን ካዩ በኋላ። «ይሰረዛል። የመጨረሻውም ይመለሳል። የቀድሞዎቹ ግን አገልግሎት ተሰጥቶባቸዋል፣ ልጄ። ዳታው ተጠቃሚ ጋ ደርሷል።»

«ደርሷል፤ ግን እኔ አላዘዝኩትም» አለች ማዕዶት። ሌሊቱን ስታዘጋጀው ያደረችው ነው። «ይዩት። ትእዛዙ የተሰጠበት ቀን እኔ ውል ከፈረምኩበት ቀን በፊት ነው፤ የራሳችሁ ኮምፒውተር ነው የሚለው። ደንበኛችሁ ሳልሆን እንዴት አዛለሁ? የሚመጣልኝ መልእክት ደግሞ ጥቅልዎ ታድሷል ይላል እንጂ ለሰው ተላከ አይልም፤ ሜኑውም የለዎትም ይለኛል። ላስቆመው ብፈልግስ በየት በኩል? ጥሪ ማዕከል ደውዬ ተናግሬያለሁ፣ ያም ተመዝግቦ ይሆናል። ታዲያ በሌላ ሰው ትእዛዝ ከኔ የተቆረጠ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስህተት ነው። ግማሹ ትክክል ሊሆን አይችልም።»

ወይዘሮ አስያ ስክሪኑን እንደገና አዩ። ከዚያ ወደ ሰኚ ዞሩ። «አንቺ ነሽ ተቀባይዋ?»

«አዎ።» ሰኚ ስልኳን ዘረጋች። «የድሮው እዚህ ጋ ቆመ፤ ያዩታል? ከዚያ የለም፣ የለም፣ የለም። ከመስቀል በኋላ እንደገና ጀመረ። የላከልኝ ወንድሜ ነበር። ይቺን ልጅ እስከ ትናንት አላውቃትም።»

ወይዘሮዋ ሁለቱን ቀኖች አስተያዩ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ቁጥሩ ሲዘጋ አልጸዳም» አሉ ለሰርፀ፤ ቁጣው ለእሱ ባይሆንም እሱ ነበር አጠገባቸው ያለው። «የኛ ጥፋት ነው። ሙሉው ይመለሳል። የሥርዓት ስህተት ብለህ መዝግብና ወደ ላይ ላከው፣ እኔ አጸድቀዋለሁ።»

«እትዬ» አለች ሰኚ፣ «እሱ አልላከውም ብለው ይጽፉልኛል?»

«የቀድሞውን ደንበኛ ስም ልጽፍልሽ አልችልም። ፖሊስ በደብዳቤ ከጠየቀ ግን ሁሉንም እንሰጣለን፤ መቼ እንደተዘጋ፣ ለማን እንደተላለፈ። ጠያቂ ይምጣ በያቸው። እኛ የምንደብቀው የለም።» ጣታቸው ቁልፉ ላይ ቆመ። ወይዘሮ አስያ ይህን ሥራ ብዙ ዓመት ሠርተዋል፤ የሰው ፊት ማንበብ ያውቃሉ። «ልሰርዘው?»

ማዕዶት «አዎ» ልትል አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። ብሩ የሷ ነው፤ መልሱ ግን የሷ አልመሰላትም። ወረፋው ላይ ሰው ያጉረመርማል። ሰኚ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ ታየዋለች።

«ይሰርዙት» አለች።

ሁለቱም ስልኮች ባንድ ላይ ጮኹ። ማዕዶት የሷን አላነበበችም። የሰኚን ነበር ያየችው፤ ይደርስዎ የነበረው ሳምንታዊ የዳታ ስጦታ ተቋርጧል። ሰኚ መልእክቱን አላጠፋችውም። ስልኩን ገልብጣ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

ብሩ ማክሰኞ ተመለሰ፣ ሙሉው። ማዕዶት ሒሳቧን አየችና ስልኩን ሶፋው ላይ ወረወረችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደረጃው ላይ ኮቴ ስትሰማ ውሃ አትዘጋም፤ አንዳንዴ ግን እጇ ራሱ ወደ ቧንቧው ይሄዳል።

ሐሙስ መጣ። ጠዋት ተነስታ ለብሳ ሳለ እየጠበቀች እንደሆነ ታወቃት። መልእክት የለም። ቦርሳዋን አነገተች፣ ሁለቱን ቁልፎች ከፈተች፣ አንድ እግሯ ኮሪደሩ ላይ እያለ ስልኩ ጠራ።

ቁጥሩን አሁን በስም መዝግባዋለች። አነሳችው።

«ሰኚ?»

ዝም። ያው ትንፋሽ። ያው ዶሮ፣ ከእንጦጦ ሥር፣ ጉሮሮውን እየሳለ።

«ሰኚ፣ እኔ ነኝ።»

«አልመጣም» አለች ሰኚ።

«አዎ። አልመጣም።»

«እንደማይመጣ አውቄ ነበር። ግን ጠበቅኩት። ትናንት ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ደብዳቤውን ለኩባንያው እንጽፋለን ብለውኛል። ዛሬ ለእናቴ ልነግራት ነው። እስካሁን ሰረቀ ሲሉ ተናደን ነው የኖርነው። አሁን ግን ካልሰረቀ፣ ካልተደበቀ...» ቃሉን አልጨረሰችውም። «ማዕዶት፣ ፈራሁ።»

ማዕዶት ለሥራ አርፍዳለች። የባቡሩ ሰዓት እያለፈ ነው፣ አለቃዋ ሰው ሲያረፍድ አይወድም። ተመልሳ ገባች፣ በሩን በእግሯ ገፋ አደረገችው፣ ቁልፉን ግን አላዞረችውም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አልዘጋውም» አለች።

ከዚያ ሁለቱም ዝም አሉ። ዶሮው እንደገና ጮኸ። በስልኩ ውስጥ በር ሲከፈት ተሰማ፣ የአሮጊት ጫማ መሬቱን እየጎተተ ሲቀርብ፣ «ሰኚ፣ ከማን ጋር ነው?» የሚል ድምፅ። የሰኚ ትንፋሽ ቆመ። ማዕዶትም የራሷን ያዘች።

«እማዬ፣» አለች ሰኚ፣ «ነይ እስቲ አጠገቤ ተቀመጪ።»